ስላይስ የሚጀምረው ከእጅ ነው

ጎልፍ ለሚጀምር ሰው በመለማመጃ ሜዳ ላይ በብዛት የሚወረወርለት ምክር «ራስህን አታንሳ» የሚል ነው። የኳሷን አናት መትቶ በሣሩ ላይ ሲያንከባልላት ራስህን አነሣህ ይሉታል። ከኳሷ በስተኋላ መሬት ሲቆፍርም፣ ኳሷ ወደ ቀኝ ታጥፋ ስትጠፋበትም ምክሩ ያው ነው። ጀማሪን ከሚያዘገዩት ምክሮች ሁሉ የከፋው ይህ ይመስለኛል። ሰውዬው ዓይኑን ከኳሷ ላለመንቀል ብሎ አገጩን ከደረቱ ሲያጣብቅ ትከሻው መዞር ያቅተዋል፤ ትከሻው ካልዞረ ደግሞ ክብደቱ ከኋላ እግሩ አይላቀቅም። በሴቶች ጎልፍ 10 ታላላቅ ውድድሮችን ያሸነፈችው ስዊድናዊቷ አኒካ ሶረንስታም፣ ዱላዋ ኳሷን በሚነካበት ቅጽበት ፊቷ ወደ ዒላማው መዞር ጀምሮ ነበር። ስለዚህ ጥፋቱን ራስ ላይ አንፈልገው። ሥሩ ያለው በእጅ አያያዝ፣ በእግር አቋቋምና ክብደት ከአንዱ እግር ወደ ሌላው በሚሻገርበት ሁኔታ ውስጥ ነው። ሦስቱ ደግሞ ተነጣጥለው አይበላሹም፤ አንዱ ሲጣመም ሌሎቹ እሱን ለማካካስ ብለው ይጣመማሉ።

የምጽፈው ቀኝ እጁን ለሚጠቀም ሰው ነው፤ ግራኝ አንባቢ ግራና ቀኙን ይገልብጠው።

ዱላው ኳሷን የሚነካው የአንድ ሺኛ ሰከንድ ግማሽ ለሚያህል ጊዜ ብቻ ነው። በዚያ ቅጽበት የኳሷን መንገድ በዋናነት የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው የዱላው ፊት የሚያይበት አቅጣጫ ነው፤ ኳሷ ጉዞዋን የምትጀምረው በአብዛኛው ወደዚያው ነው። ሁለተኛው ዱላው ራሱ የሚጓዝበት አቅጣጫ ነው። ፊቱ ከጉዞው አቅጣጫ ይልቅ ወደ ቀኝ የሚያይ ከሆነ ኳሷ አየር ላይ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች፤ ጎልፈኞች ስላይስ የሚሉት ይህንን ነው። በእንዲህ ያለች አጭር ቅጽበት እጅ የሚያርመው ነገር የለም። የፊቱ ነገር በአብዛኛው የሚያልቀው ዱላው ገና ሳይንቀሳቀስ፣ በአያያዙ ላይ ነው።

የግራ እጅ አያያዝ እንዲህ ነው። እጀታው ከትንሿ ጣት ሥር ተነሥቶ በሰያፍ እስከ አመልካች ጣት መካከለኛ አንጓ ድረስ ይተኛል። ውሃ የሞላ ባልዲ ስናነሣ ማንጠልጠያው የሚያርፍበት ቦታ ማለት ነው፤ መዳፍ ላይ ሳይሆን ጣቶቹ ላይ። ከዚያ በመዳፉ ግርጌ በትንሿ ጣት በኩል ያለው ወፍራም ሥጋ እጀታውን ከላይ ይጫነዋል። አውራ ጣት ከእጀታው መሃል ትንሽ ወደ ቀኝ ያርፋል። ቁልቁል ስናይ ቢያንስ ሁለት የጣት አንጓዎች መታየት አለባቸው፤ በአውራ ጣትና በአመልካች ጣት መካከል የሚፈጠረው መስመርም ወደ ቀኝ ትከሻ ያመለክታል። ቀኝ እጅ የግራውን አውራ ጣት በመዳፉ ሸፍኖ ይከተላል። የቀኝ እጅ ትንሿ ጣት በግራው ላይ ትደረብ ወይስ ትቆላለፍ የሚለው ክርክር ለጀማሪ ብዙም ለውጥ አያመጣም። ሃሪ ቫርደን ይደርብ ነበር፣ ጃክ ኒክላውስና ታይገር ዉድስ ያቆላልፋሉ፤ ለእጁ የተመቸውን ይምረጥ።

የአንጓዎቹ ቁጥር ግን ለውጥ ያመጣል። ቀጥ ብለን ቆመን ክንዳችንን ዝም ብለን ብንለቀው፣ የግራ እጃችን ጀርባ ሙሉ በሙሉ ወደ ጎን አያይም፤ ከፊሉ ወደ ፊት ዞሮ ያርፋል። ዱላው በፍጥነት ሲወርድ እጅ የሚመለሰው ወደዚህ ተፈጥሯዊ አቀማመጡ ነው። አንድ አንጓ ብቻ በሚታይበት ሁኔታ የያዘ ሰው ሲመታ እጁ ወደ ተፈጥሮው ሲዞር የዱላውን ፊት ይዞት ይዞራል፣ ፊቱም ወደ ቀኝ ይከፈታል። ምንም ያህል ቢጠነቀቅ ያው ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቤን ሆጋን አንድ ነገር ማለት አለብኝ። በ1957 የታተመው «አምስት ትምህርቶች» የተሰኘው መጽሐፉ እስከ ዛሬ ለጀማሪዎች በስጦታ ይሰጣል። እሱ የግራ እጅ መስመር ወደ ቀኝ ዓይን እንዲያመለክት ያስተምራል፤ ይህም እኔ ከገለጽኩት ይልቅ እጁን ወደ ግራ የሚያዞር አያያዝ ነው። ሆጋን ታላቅ ተጫዋች ነበር፣ መጽሐፉም ብዙ ቁም ነገር አለው። ነገር ግን እሱን ለዓመታት ሲያሠቃየው የኖረው ኳሷ ወደ ግራ እየተጠቀለለች መሄዷ ነበርና አያያዙ የዚያ በሽታ መድኃኒት ነው። አብዛኛው ጀማሪ በሽታው ተቃራኒው ነው። መድኃኒቱን እንዳለ ከወሰደው ይብስበታል።

አቋቋሙን ባጭሩ ላስቀምጠው። ለመማር በሚመረጠው 7 ቁጥር አይረን እግሮች የትከሻን ስፋት ያህል ይራራቃሉ፤ ኳሷ በእግሮቹ መካከል ወይም ከመካከሉ የአንዲት ኳስ ስፋት ያህል ወደ ግራ ትቀመጣለች። ጎንበስ የሚባለው ከወገብ ሳይሆን ከዳሌ መገጣጠሚያ ነው። ክንዶች ከትከሻ በታች ዝም ብለው ይንጠለጠላሉ። ክብደት በሁለቱ እግሮች እኩል ተከፍሎ ከውስጥ እግር መሃል ላይ ያርፋል እንጂ ጣትም ተረከዝም ላይ አይጫንም። ጀማሪዎች የሚስቱት አቅጣጫውን ነው፤ ወደ ዒላማው የሚያመለክተው የኳሷ መስመር ሲሆን የእግር ጣቶች መስመር ከእሱ ጎን ለጎን ትይዩ ሆኖ ይሄዳል።

እነዚህ ነገሮች እንዴት እንደሚቆላለፉ በዋሽንግተን አካባቢ ባለ የመለማመጃ ሜዳ ላይ በአንድ ወዳጄ ስዊንግ ላቅርበው። ኳሷ ከዒላማው ትንሽ ወደ ግራ ትነሣና ከዚያ ወደ ቀኝ ታጥፋ ትርቃለች። እግሩን ሳየው ጣቶቹ ከዒላማው በጣም ወደ ግራ ዞረዋል። ለምን ብለው «ወደ ቀኝ ስለምትሄድብኝ ነዋ! ወደ ግራ ካላነጣጠርኩ ሜዳው አይበቃኝም» አለኝ። ጓንቱን አውልቆ አሳየኝ፤ በመዳፉ ግርጌ ላይ ተቦርቡሮ ቀዳዳ ወጥቶለታል። እጀታውን በጣቶች የያዘ ሰው ጓንት እዚያ ቦታ እንዲህ አይቀደድም። ዱላው መዳፉ ውስጥ እየተንሸራተተ ነው ማለት ነው።

ሰንሰለቱ ግልጽ ነበር። መዳፍ ውስጥ የተያዘው ዱላ ፊቱ ይከፈታል፣ ኳሷ ወደ ቀኝ ትሄዳለች። እሱ ያንን ለማካካስ እግሩን ወደ ግራ ያዞራል። እግሩ ወደ ግራ ሲዞር ትከሻው ይከተላል፣ ዱላውም ከውጭ ወደ ውስጥ ኳሷን አቋርጦ ወደ ግራ ይጓዛል። አሁን በፊቱና በጉዞው አቅጣጫ መካከል ያለው ልዩነት ሰፋ፤ ስለዚህ ኳሷ ይበልጥ ትታጠፋለች፣ እሱም እግሩን ይበልጥ ያዞራል። ክብደቱ ደግሞ ቀኝ እግሩ ላይ ቀርቷል፤ ፊቱ ክፍት የሆነ ሰው ሰውነቱን ወደ ኋላ ይዞ በእጁ ብቻ ፊቱን ለመዝጋት ይታገላልና።

ያረምነው አያያዙን ብቻ ነበር። ቀጥሎ ያሉት ኳሶች በሙሉ በቀጥታ ወደ ግራ፣ እጅግ ወደ ግራ በረሩ። «ድሮ ይሻለኝ ነበር» ብሎ እጁን ሊመልስ ሲል ያዝኩት። ብዙ ጀማሪ አያያዙን አስተካክሎ በዚያው ቀን የሚተወው እዚህ ላይ ነው። ኳሷ ወደ ግራ መሄዷ ግን አያያዙ መዳኑን የሚያሳይ ምልክት ነው፤ ፊቱ ከጉዞው አቅጣጫ ጋር ስለተስማማ አልታጠፈችም፣ የቀረው የጉዞው አቅጣጫ ብቻ ነው። ዱላ መሬት ላይ አጋድመን እግሮቹን ከመስመሩ ጋር ትይዩ አደረግን። ኳሷ ከግማሽ መንገድ በላይ ወደ ዒላማው ተመለሰች። ከዚህ ወዲያ የቀረው ክብደቱ ነበር።

ስለ ክብደት የሚነገረው ብዙውን ጊዜ «ወደ ግራ ተጫን» ተብሎ ያበቃል። ጀማሪው ይህንን ሰምቶ ዳሌውን ወደ ጎን ያንሸራትታል፤ ያ ክብደት ማሻገር አይደለም። ዱላው ወደ ኋላ ሲሄድ ዳሌ ይዞራል፣ ጫናውም በቀኝ እግር ውስጠኛው ጠርዝ ላይ ይሰማል። ጫናው ወደ እግሩ ውጫዊ ጠርዝ ካለፈ መዞሩ ቀርቶ መንሸራተት ሆኗል። ከዚያ የሚመጣው ለጀማሪ የሚከብደው ነው፤ ዱላው ወደ ኋላ መሄዱን ሳይጨርስ ጫናው ወደ ግራ እግር መመለስ ይጀምራል። በጥሩ ተጫዋቾች የአይረን ምት ኳሷ በምትነካበት ጊዜ ከጫናው ወደ 80 በመቶ የሚጠጋው ግራ እግር ላይ ነው።

ይህ የሚያስፈልገው ለኃይል ብቻ አይደለም። የዱላው ራስ ቅስት እየሠራ ወርዶ ወደ ላይ ይመለሳል፤ የቅስቱ ዝቅተኛ ቦታ የሚወሰነው በዋናነት ሰውነት በተጫነበት ነው። ክብደት ቀኝ እግር ላይ ከቀረ ዝቅተኛው ቦታ ከኳሷ በስተኋላ ይሆናል። ያን ጊዜ ዱላው ወይ ከኳሷ በፊት መሬት ይቆፍራል፣ ወይ ደግሞ መሬቱን ስቶ እየወጣ ሳለ የኳሷን አናት ይመታል። ሁለቱ ተቃራኒ ጥፋቶች ይመስላሉ እንጂ ምንጫቸው አንድ ነው። «ራስህን አነሣህ» የሚባለውም ሰው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው የደረሰበት። ኳሷን ለማስነሣት ከሥሯ ለማንሣት መሞከርም ክብደትን ወደ ኋላ ይጎትታል፤ ኳሷን የሚያስነሣት የዱላው ፊት ወደ ኋላ ማዘንበሉ ነው፣ ሰውዬው ማድረግ ያለበት ዱላው እየወረደ ኳሷን እንዲያገኛት መፍቀድ ብቻ ነው።

ለወዳጄ የሰጠሁት ልምምድ ቀላል ነው። እግሮቹን አገጣጥሞ ይቆማል። ዱላውን ወደ ኋላ ይወስዳል፣ ዱላው ገና ወደ ኋላ እየሄደ ሳለ ግራ እግሩን ወደ ዒላማው አንድ እርምጃ ያራምዳል፣ ከዚያ ይመታል። በግማሽ ፍጥነት፣ መጀመሪያ ያለ ኳስ። ሰውነት ጫናው መቼ መሻገር እንዳለበት ከማብራሪያ ይልቅ ከእርምጃው ይማረዋል። ከመታ በኋላ መጨረሻው ላይ ይቆማል፤ የቀበቶው ዘለበት ወደ ዒላማው ማየት፣ የቀኝ ጫማው ሶል ከኋላው ላለ ሰው መታየት አለበት። ቀኝ እግሩን ከመሬት አንሥቶ ሳይንገዳገድ መቆም ካልቻለ ክብደቱ አልተሻገረም።

የመለማመጃ ሜዳ ምንጣፍ ግን ያታልላል። ከኳሷ በፊት ምንጣፉን የመታ ዱላ ስለማይሰምጥ ተንሸራቶ ኳሷ ጋ ይደርሳል፣ ምቱም ጥሩ ይመስላል። ስለዚህ ከኳሷ በስተኋላ አንድ ስንዝር ያህል ርቀት ላይ የታጠፈ ፎጣ ይቀመጥ። ዱላው ፎጣውን ካገኘው ክብደቱ ወደ ኋላ ቀርቷል። ሣር ላይ ከሆነ ደግሞ የተቆፈረው ቦታ ከኳሷ ፊት፣ ወደ ዒላማው በኩል መገኘት አለበት። ድራይቨር በተለየ መንገድ ይመታል፤ ኳሷ በቲ ላይ ከፍ ብላ በግራ ተረከዝ ትይዩ ትቀመጣለች፣ ዱላውም እየወጣ ያገኛታል። ለዚህም ቢሆን ክብደቱ ወደ ግራ ይሻገራል። በ7 ቁጥር አይረን ፎጣውን ሳይነካ መምታት የቻለ ሰው ድራይቨሩን ከቦርሳው ቢያወጣ አልቃወምም፤ ከዚያ በፊት ግን እንዳያወጣ እመክራለሁ።