ቤት በቀየርን ቁጥር ደመወዛችንን ለምትቀይሩ አሠሪዎች



ይህ ደብዳቤ የሚመለከተው አንድ አሠራራችሁን ብቻ ነው። ከቤቱ ሆኖ የሚሠራ ሠራተኛ ከተማ ሲቀይር፣ ሥራውም አለቃውም የሥራ ሰዓቱም እንደነበሩ እያሉ፣ የከተሞች ዝርዝር የሰፈረበትን ሰንጠረዥ አውጥታችሁ ደመወዙን ትከልሳላችሁ። ክለሳው አብዛኛውን ጊዜ ቅነሳ ነው። ስትቀጥሩ የፈለጋችሁትን ዋጋ አቅርባችሁ የመደራደር መብታችሁን አልነካም። የምከራከረው ከዚያ በኋላ ባለው ላይ ነው፦ ሠራተኛው በገዛ ፈቃዱ ቤት ቢቀይርና የሚሠራው ሥራ ካልተለወጠ፣ ደመወዙ ወደ ታችም ወደ ላይም መንቀሳቀስ የለበትም።

ልማዱ ጎልቶ የወጣው በወረርሽኙ ጊዜ በአሜሪካ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ውስጥ ነው። በግንቦት 2020 እ.ኤ.አ. ማርክ ዙከርበርግ የፌስቡክ ሠራተኞች ኑሯቸው ርካሽ ወደሆነ አካባቢ ከሄዱ ደመወዛቸው ከአካባቢው ጋር እንደሚስተካከል፣ የት እንደሚኖሩ በሐቅ ያላሳወቁም ከባድ ቅጣት እንደሚጠብቃቸው ተናገረ። በዚያው ዓመት ቪኤምዌር ከፓሎ አልቶ ወደ ዴንቨር በቋሚነት ለሚዛወር ሠራተኛ 18 በመቶ ቅነሳ አወጣ። ስትራይፕ ደግሞ ከሳን ፍራንሲስኮ፣ ከኒው ዮርክና ከሲያትል ለሚወጡ ሠራተኞች 20,000 ዶላር በአንድ ጊዜ ሰጥቶ በምትኩ መነሻ ደመወዛቸውን እስከ 10 በመቶ ለመቀነስ ሐሳብ አቀረበ። ነገሩን ከሁሉ ይልቅ ግልጽ ያደረገው ግን ሮይተርስ በነሐሴ 2021 የዘገበው የጉግል የደመወዝ ማስያ ነው። በኮነቲከት ግዛት ስታምፎርድ ከተማ የሚኖር ሠራተኛ ወደ ኒው ዮርክ አንድ ሰዓት ያህል በባቡር እየተመላለሰ ሲሠራ ሙሉ የኒው ዮርክ ደመወዝ ያገኝ ነበር። ይኸው ሰው ከቤቱ ልሥራ ቢል ማስያው 15 በመቶ ይቀንስበት ነበር። ኒው ዮርክ ከተማ ውስጥ የሚኖር ባልደረባው ከቤት ልሥራ ቢል ግን ምንም አይቀነስበትም ነበር።

የስታምፎርዱን ጉዳይ ረጋ ብላችሁ ተመልከቱት። ሰውየው ቤት አልቀየረም። ኪራዩም፣ የልጆቹ ትምህርት ቤትም፣ አስቤዛ የሚገዛበት ሱቅም ያው ነው፤ ስታምፎርድም ርካሽ የሚባል ከተማ አይደለም። ስለዚህ ቅነሳው ከኑሮ ወጪው መቀነስ ጋር ሊያያዝ አይችልም። ሥራውም አልቀነሰም። የተለወጠው ባቡር መሳፈር መተዉ ብቻ ነው፤ ይህም ለድርጅቱ አንድ የቢሮ ወንበር ያተርፍለታል እንጂ አያስወጣውም።

ለዚህ አሠራር የምትሰጡት ምክንያት ሁለት ነው፤ እንደ ጠያቂው ማንነትም ይቀያየራል። ሠራተኛው ሲጠይቅ «እዚያ ኑሮ ርካሽ ነው» ትላላችሁ። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ሲጠይቅ ደግሞ «የምንከተለው የኑሮ ወጪን ሳይሆን የአካባቢውን የሥራ ገበያ ዋጋ ነው» ትላላችሁ። በአንድ ራስ ሁለት ምላስ እንዳይሆንባችሁ፣ ሁለቱን ለየብቻ እንያቸው።

የኑሮ ወጪ መለኪያችሁ ቢሆን ኖሮ ሌሎች ብዙ ነገሮችንም በለካችሁ ነበር። ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ከሦስት ሰዎች ጋር ቤት ተጋርቶ ለሚኖር ወጣትና ሦስት ልጆች ለሚያሳድግ አባት ለአንድ ሥራ እኩል ትከፍላላችሁ፤ ልክም ነው። ልጅ ሲወለድ ደመወዝ አትጨምሩም፤ የቤት ዕዳውን ከፍሎ ለጨረሰም አትቀንሱም። የሠራተኛው ወጪ የራሱ ጉዳይ መሆኑን በሌላው ሁሉ ተቀብላችሁ፣ ከተማ ሲቀይር ብቻ ጓዳው ገብታችሁ ትቆጥራላችሁ። ደግሞም በአሜሪካ ከተሞች መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት በዋናነት የቤት ነው። የመኪናው፣ የስልኩ፣ የአውሮፕላን ትኬቱ፣ የትምህርት ብድሩ ዋጋ ከተማ ስለተቀየረ ብዙም አይለወጥም። ቅነሳችሁ ግን ከሙሉው ደመወዝ ላይ በመቶኛ የሚነሳ ነው።

በቁጥር እንየው። በዓመት 150,000 ዶላር የሚከፈላት አንዲት የሶፍትዌር ባለሙያ፣ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደሚኖሩበት የዴንቨር አካባቢ ሄደች እንበል፤ ቅነሳውም ያው 18 በመቶ ይሁን። ከደመወዟ 27,000 ዶላር ይቀነሳል። ከዚህ ሲሶው ቀድሞም ወደ ግብር የሚሄድ ነበር ብንል፣ ከኪሷ የሚጎድለው 18,000 ዶላር ነው። የቤት ኪራይ በወር 1,500 ዶላር ከቀነሰላት በዓመት ያተረፈችው እንዲሁ 18,000 ነው። በወረቀት ላይ እኩል ወጣች። ኪራዩ የቀነሰው በ1,000 ብቻ ከሆነ ግን በየዓመቱ 6,000 ዶላር ከፍላ ተዛወረች ማለት ነው። በዚህም አያበቃም። አሠሪዋ ለጡረታ ቁጠባዋ የደመወዟን 4 በመቶ የሚጨምርላት ከሆነ መዋጮው ከ6,000 ወደ 4,920 ይወርዳል። የሚቀጥለው ዓመት ጭማሪም የሚሰላው ከ123,000 ተነስቶ ነው። አዲስ አበባ ላሉ ወላጆቿ በየወሩ የምትልከው ገንዘብ ደግሞ እሷ የትም ብትኖር ያው ነው፤ በሰንጠረዣችሁ ውስጥ የሚገባበት ረድፍ የለውም።

እኩል ከወጣች ምን ተጎዳች የሚል ይኖራል። ጥያቄው ቁጠባው የማን ነው የሚለው ነው። ዕቃዋን የጫነች፣ ከወዳጆቿ የራቀች፣ በማታውቀው ከተማ ሕይወቷን እንደገና የጀመረች እሷ ናት። ድርጅቱ ምንም ሳያደርግ የኪራዩን ልዩነት ጠቅልሎ ይወስዳል። ኪራይ ያረከሰላት ድርጅቱ ቢሆን ኖሮ እኔም ይገባዋል እል ነበር።

የሥራ ገበያ ዋጋ የሚለው ክርክር ከዚህ ይጠነክራል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥትም በ1990 በወጣ ሕግ መሠረት ለሠራተኞቹ እንደየአካባቢው የሚከፍለው በዚሁ ነው፤ የሚያነጻጽረው የዳቦና የኪራይ ዋጋን ሳይሆን በአካባቢው ለተመሳሳይ ሥራ የሚከፈለውን ደመወዝ ነው። በ2024 የ12ኛ እርከን ጀማሪ ሠራተኛ በዋሽንግተን አካባቢ 99,200 ዶላር ሲያገኝ፣ ልዩ ተመን በሌላቸው አካባቢዎች 86,962 ዶላር ያገኝ ነበር። ነገር ግን መንግሥት ሰንጠረዡን ለማንም እንዲታይ አውጥቶታል፤ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዳላ ይሠራበታል። ዋናው ልዩነት ግን ሌላ ነው። የአካባቢ ገበያ የሚባለው ትርጉም የሚኖረው ሠራተኛው ሥራውን ቢለቅ ሌላ ሥራ የሚያገኘው በዚያው አካባቢ ሲሆን ነው። ከርቀት የሚሠራ ሰው ገበያው አገሩ በሙሉ ነው። እናንተ ራሳችሁ ሥራውን ከየትም ሊሠራ ይችላል ብላችሁ ማስታወቂያ ስታወጡ ይህን አምናችኋል። ዴንቨር የተቀመጠችው ባለሙያ ነገ ብትለቅ ኒው ዮርክ ያለ ድርጅት ከቤቷ ሳትነሳ ይቀጥራታል። እሷን የምትተኩበትን ሰው ስትፈልጉም ዴንቨር ውስጥ ብቻ አትፈልጉም።

አሠራሩ የሚያመጣው አንድ ብልሽት አለ፤ የደመወዝ ክፍላችሁ ሳያውቀው አይቀርም። አሜሪካ ውስጥ አሠሪ የሠራተኛውን ትክክለኛ የሥራ ቦታ ማወቅ ያለበት ለግብር ነው፤ ከደመወዝ ላይ የሚቀነሰው የግዛት ግብር አብዛኛውን ጊዜ የሚወሰነው በእሱ ነውና። አድራሻን ከደመወዝ ጋር ስታያይዙት ሠራተኛው እውነቱን እንዳይነግራችሁ በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ትከፍሉታላችሁ። በዘመድ ቤት አድራሻ ፖስታ የሚቀበል፣ ክረምቱን ሌላ ግዛት ከርሞ ዝም የሚል ሠራተኛ ይፈጠራል። ከዚያ እናንተ ከየት ሆኖ ወደ ሥራው እንደገባ መከታተል ትጀምራላችሁ፤ ግብሩም ለተሳሳተው ግዛት ሲገባ ቆይቶ ዕዳው ለሁለታችሁም ይደርሳል። ደመወዙ የማይነካ ቢሆን አድራሻውን የሚደብቅበት ምክንያት ባልኖረው ነበር።

ከባዱ ተቃውሞ የፍትሕ ነው። ዴንቨር ውስጥ በዴንቨር ዋጋ የተቀጠረ ሰው፣ ከካሊፎርኒያ መጥቶ ከጎኑ የተቀመጠው ባልደረባው ከእሱ በላይ ሲከፈለው ቅር ቢለው አይፈረድበትም። ግን ይህን ቅሬታ የወለደው የሁለት ዋጋ አቀጣጠራችሁ ነው። የአንዱን መቁረጥ ለሌላው ሳንቲም አይጨምርለትም። ሌላ መንገድ እንዳለም ታይቷል፦ ሬዲት በ2020 በአሜሪካ ውስጥ በአካባቢ መክፈልን ተወ፤ ኤርቢኤንቢም በ2022 በአንድ አገር ውስጥ አንድ ተመን አድርጎ ዝቅተኛ ተመን ላይ የነበሩትን ከፍ አደረገ። ይህ ማለት ሁሉም በሳን ፍራንሲስኮ ዋጋ ይከፈል ማለት አይደለም። የአገር አቀፍ ተመኑን መሐል ላይ ልታደርጉት ትችላላችሁ፤ ከዚያ በላይ ያለውን ነባር ሠራተኛም ሳትቆርጡ፣ ተመኑ እስኪደርስበት ጭማሪውን ልታዘገዩ ትችላላችሁ። ቀስ ያለ ነው፤ ነገር ግን ሰው በተቀጠረበት ደመወዝ ላይ አቅዶ የገባበትን ዕዳ አያናጋም።

ያልኩትን ወደ ላይም ልውሰደው፣ አለዚያ ለሠራተኛ የሚመች ክርክር ብቻ ይሆናል። በገዛ ፈቃዱ ከዳላስ ወደ ማንሃተን የሄደ ሰው ኪራዩ ስለከበደው ጭማሪ ሊጠይቃችሁ አይገባም። ርካሹን ከተማ የመረጠው ትርፉን ከያዘ፣ ውዱን የመረጠውም ወጪውን ይቻል። ሂድ ብላችሁ ያዛወራችሁት ከሆነ ግን ልዩነቱ የእናንተ ነው። ዛሬ ግን የበርካቶቻችሁ ደንብ ቅነሳውን በራሱ የሚሠራ አድርጎ ጭማሪውን የኃላፊ ፈቃድ የሚጠይቅ አድርጎታል። ሰንጠረዡ በእርግጥ የገበያን ዋጋ የሚያሳይ ከሆነ በአንዱ አቅጣጫ ብቻ ፈቃድ የሚያሻው ለምንድን ነው?

አገር መሻገር ሌላ ነገር መሆኑን አልክድም። የሥራ ሕጉ፣ ግብሩና የሚከፈልበት ገንዘብ ይለወጣል፤ ውሉም እንደገና ሊጻፍ ይችላል። ቢሆንም ከሲያትል ወደ አዲስ አበባ የተመለሰ ሠራተኛ ደመወዝ ወደ «አካባቢው ዋጋ» ተቀይሮ በብር ሲወሰን፣ አደጋው ሁሉ ወደ እሱ እንደሚዞር እወቁ። ሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ የአንድ ዶላር ዋጋ ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ድርጅቱ ገቢውን የሚሰበስበው በዶላር ስለሆነ የዚያ ሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ወር ውስጥ በግማሽ ገደማ ረከሰለት። ውል በሚታደስበት ጊዜ ቢያንስ የሚከፈልበትን ገንዘብ ዓይነት አትቀይሩበት።

የምጠይቃችሁ ከሚቀጥለው የበጀት ዓመት በፊት ሊሠራ የሚችል ነው። በውላችሁ ውስጥ «ደመወዝ በመኖሪያ አድራሻ ሊከለስ ይችላል» የሚለውን አንቀጽ ለነባር ሠራተኞች አንሡት። የየሥራ መደቡን ተመን ለሠራተኛው ሁሉ በሚታይ ቦታ አውጡት። ይህን አናደርግም ካላችሁ ደግሞ ለእያንዳንዱ የተቀነሰበት ሰው፣ የቀነሳችሁትን ገንዘብ፣ የተጠቀማችሁበትን መረጃና ከቤት በመሥራቱ ያተረፋችሁትን የቢሮ ወጪ ጎን ለጎን ጽፋችሁ ስጡት።