ለትንሽ ግጭት የሚከፈል የሦስት ዓመት ዋጋ፦ ካሳ ያለመጠየቅ ቅናሽ በዮቪል

በዮቪል ሮኪ ጎዳና ላይ መኪና ማቆሚያ ማግኘት ራሱ ትግል ነው። ጠዋት ሸቀጥ ጭኖ ወደ ሱቁ የሚሄድ ነጋዴ ከተጣበቡት መኪኖች መካከል ወደ ኋላ ሲወጣ ከኋላው የቆመችውን መኪና ፓራውልት ቢሰብር፣ ጥፋቱ የእርሱ ለመሆኑ ክርክር አይነሣም። ሰው አልተጎዳም፤ ጉዳቱም ትንሽ ነው። ያም ሆኖ በዚያው ቀን የሚሰጠው ውሳኔ የሚቀጥሉትን ሦስት ዓመታት የመድን ወጪውን ሊወስን ይችላል። ብዙዎች ግን ይህን የሚያውቁት ውሉ ሲታደስ፣ አረቦኑ ከፍ ብሎ ሲመጣ ነው።

ካሳ ያለመጠየቅ ቅናሽ፣ በተለምዶ «ኖ ክሌም ቦነስ» የሚባለው፣ እንደ መሰላል ይሠራል። ባለመኪናው ካሳ ሳይጠይቅ ባሳለፈው በእያንዳንዱ ዓመት አንድ ደረጃ ይወጣል፤ አረቦኑም በዚያው ልክ ይቀንሳል። መሰላሉ ጣሪያ አለው፤ ጣሪያው ላይ ከተደረሰ በኋላ ቅናሹ አይጨምርም። ካሳ ሲጠየቅ ደግሞ ባለመኪናው የሚወርደው አንድ ደረጃ ብቻ አይደለም፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ይወርዳል። የደረጃዎቹ ቁጥርና መጠን ከመድን ሰጪ መድን ሰጪ ይለያያል። በደቡብ አፍሪካ ሌላም መልክ አለው፦ አንዳንድ ኩባንያዎች ለተወሰኑ ዓመታት ካሳ ላልጠየቀ ደንበኛ ከከፈለው አረቦን የተወሰነውን በጥሬ ገንዘብ ይመልሳሉ። በዚህኛው አሠራር አንድ የካሳ ጥያቄ ቆጠራውን እንደገና ከዜሮ ያስጀምራል፤ ክፍያው ሊደርስ ጥቂት ወራት ሲቀሩ የደረሰ ግጭት ከሁሉም ይበልጥ የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገሩን በስሌት ማየት ይበጃል። ቁጥሮቹ ለአብነት የተወሰዱ ናቸው። የነጋዴው ሙሉ አረቦን በወር 1,600 ራንድ ነው እንበል። ቅናሹ በየዓመቱ 10 በመቶ እየጨመረ እስከ 50 በመቶ ይደርሳል። ነጋዴው አራት ዓመት ካሳ ሳይጠይቅ ስለቆየ 40 በመቶ ቅናሽ አለው፤ የሚከፍለውም 960 ራንድ ነው። ግጭቱ ባይኖር በሚቀጥለው እድሳት ወደ 50 በመቶ ወጥቶ 800 ራንድ ይከፍል ነበር። ካሳ ከጠየቀ ግን ሁለት ደረጃ ወርዶ 20 በመቶ ላይ ያርፋል፤ የወር ክፍያውም 1,280 ራንድ ይሆናል።

በመጀመሪያው ዓመት ልዩነቱ በወር 480፣ በዓመት 5,760 ራንድ ነው። በሁለተኛው ዓመት ወደ 30 በመቶ ሲመለስ ልዩነቱ በዓመት 3,840 ራንድ ይሆናል፤ በሦስተኛው ደግሞ 1,920። ከዚያ በኋላ ጣሪያው ላይ ይደርሳል። በድምሩ ካሳ የመጠየቁ ዋጋ 11,520 ራንድ ነው።

አሁን ጉዳቱን ማየት ነው። የሌላው ሰው ፓራውልት 7,500 ራንድ ያስጠግናል፤ የነጋዴው የኋላ መብራት ደግሞ 4,500። በውሉ መሠረት ለራሱ መኪና ጥገና የመጀመሪያውን 4,500 ራንድ የሚሸፍነው ራሱ ነው፤ «ኤክሰስ» የሚባለው ይህ ነው። ስለዚህ ለራሱ መኪና ከመድን ሰጪው ምንም አያገኝም። መድን ሰጪው በእርሱ ፈንታ የሚከፍለው ለሌላው ሰው የሚሰጠውን 7,500 ራንድ ብቻ ነው። 7,500 ለማግኘት 11,520 ማጣት ማለት 4,020 ራንድ መክሰር ነው። በአንጻሩ የተመታችው መኪና ውድ ሆና ጥገናዋ 45,000 ራንድ ቢጠይቅ፣ ካሳ መጠየቁ ያለ ጥርጥር ትክክል ይሆናል። በዚህ መሰላል ላይ የሚቆጠረው የጥያቄው ብዛት እንጂ የገንዘቡ መጠን አይደለምና፣ ለ7,500ም ሆነ ለ45,000 የሚወረደው ደረጃ አንድ ነው።

ይህ ስሌት ግን ወደ አንድ አደገኛ መደምደሚያ ሊመራ ይችላል፤ እርሱም ዝም ብሎ ከኪስ ከፍሎ መሄድ ነው። አብዛኞቹ የመድን ውሎች ባለመኪናው ያለ መድን ሰጪው ፈቃድ ጥፋቱን እንዳያምን ወይም እንዳይስማማ ይከለክላሉ፤ ካሳ ባይጠየቅበትም የደረሰን ግጭት እንዲያሳውቅ ያስገድዳሉ። በመንገድ ላይ 3,000 ራንድ ተቀብሎ የተስማማ ሰው ከወራት በኋላ ጠበቃ ይዞ ቢመጣ፣ በደቡብ አፍሪካ ሕግ ለእንዲህ ያለው ዕዳ የይርጋው ጊዜ ሦስት ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ መድን ሰጪው «አልተነገረኝም» ብሎ እጁን ሊሰበስብ ይችላል። የመንገድ አደጋ ፈንድም በዚህ አይረዳም፤ ከነዳጅ ቀረጥ የሚደጎመው ይህ ተቋም የሚክሰው የአካል ጉዳትንና ሞትን እንጂ የመኪናን ጉዳት አይደለም። መድን ሰጪ ቀይሮ ታሪክን ለመደበቅ መሞከርም አያዋጣም፤ አዲሱ ኩባንያ ያለፉትን ዓመታት ግጭቶች ይጠይቃል፤ የተደበቀው በኋላ ከተገኘ ትልቁ ካሳ በሚያስፈልግበት ቀን ውድቅ ለማድረግ ምክንያት ይሆናል።

ትክክለኛው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። በቦታው ፎቶ ማንሣት፣ ስምና ታርጋ መለዋወጥ፣ ስለ ጥፋተኝነት አለመነጋገር። ሰው ከተጎዳ በ24 ሰዓት ውስጥ፣ ካልሆነ በሚቀጥለው የሥራ ቀን ለፖሊስ ማመልከት። ከዚያ ለመድን ሰጪው በጽሑፍ ማሳወቅና ማስታወቂያው የካሳ ጥያቄ አለመሆኑን በግልጽ መጥቀስ። በዚያው ደብዳቤ ሁለት ጥያቄ ማቅረብ ይገባል፦ ማሳወቁ ብቻውን ቅናሹን ይነካል ወይ? ካሳ ቢጠየቅ በእድሳቱ አረቦኑ ስንት ራንድ ይሆናል? መልሱ ከጋራዡ ዋጋ ጋር ተነጻጽሮ ከኪስ መክፈሉ ከተመረጠ፣ መድን ሰጪው ፈቃዱን ከሰጠ በኋላ ክፍያው ሙሉና የመጨረሻ መሆኑን የሚገልጽ የተፈረመ ወረቀት መያዝ ግድ ነው።

ከአንድ ነጋዴ ጥንቃቄ በላይ የሆነው ጉዳይ ግን የአሠራሩ ነው። ከላይ ያለው ስሌት የተሠራው ቁጥሮቹ ታውቀው ነው፤ በእውነተኛው ሕይወት ቁጥሮቹ ያሉት በመድን ሰጪው እጅ ነው። ውሉን በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ ቋንቋ ለሚያነበው ስደተኛ ደግሞ መሰላሉ ጭራሽ አይታይም። የደቡብ አፍሪካ የመድን ገዢዎች ጥበቃ ደንብ መረጃ በግልጽ ቋንቋ እንዲሰጥ ይጠይቃል። ይህ ግዴታ ትርጉም የሚኖረው ደንበኛው የካሳ ጥያቄውን ከማጽናቱ በፊት የሚያጣው ቅናሽ በመቶኛ ሳይሆን በራንድ ተሰልቶ በጽሑፍ ሲሰጠው ነው። ለማሳወቅ ብቻ የቀረበ ሪፖርትም ቅናሹን እንደማይነካ በውሉ ውስጥ ሊሰፍር ይገባል፤ አለዚያ ውሉ ራሱ የሚያዝዘውን ሐቀኝነት ራሱ ይቀጣል። ከአዲስ አበባ የተገኘ ካሳ ያለመጠየቅ ማስረጃም በዚሁ መንገድ ተመዝኖ፣ ተቀባይነት ካጣ ምክንያቱ መነገር አለበት።

ቅናሹ አላግባብ ተቀንሷል ብሎ የሚያምን ሰው በመጀመሪያ ለመድን ሰጪው በጽሑፍ አቤት ይላል። መልሱ ካላረካው ከመጋቢት 2024 ጀምሮ አራት የቀድሞ የእንባ ጠባቂ ቢሮዎችን አንድ ላይ ያዋሐደው ብሔራዊ የፋይናንስ እንባ ጠባቂ አቤቱታውን ያለ ክፍያ ይመለከታል። ለዚህም የሚያስፈልገው በግጭቱ ማግሥት የተላከው ያ ደብዳቤና የተሰጠው መልስ ነው።