«ከዚያስ?» የማይባልለት ግጥም

ድንቅነሽን የማያውቅ ወላጅ በዚህ አገር የለም። ፈረንጆቹ «ሉሲ» ያሏት ለምን እንደሆነም ብዙዎቻችን ለልጆቻችን ነግረናል። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ዶናልድ ጆሃንሰን አፋር ውስጥ ሐዳር ላይ አጥንቷን ባገኘበት ዕለት፣ ማታ በካምፑ ውስጥ የቢትልስ ዘፈን በቴፕ ደጋግሞ ይጫወት ነበር። ስሟም ከዚያ ተወሰደ። ዘፈኑ የወጣው ደግሞ በፈረንጆቹ 1967 ነው። በእኛ 1967 አጥንቷ፣ በእነሱ 1967 ዘፈኑ፤ ለልጆች ጥሩ እንቆቅልሽ ይወጣዋል።

ችግሩ የሚመጣው ልጁ ዘፈኑን በስልኩ ከፍቶ ግጥሙን ሲያነብ ነው። አንዲት እናት የጻፉልኝ ስለዚሁ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸው ግጥሙን ወደ አማርኛ መልሶ ያሳያቸዋል። እሳቸውም «ታሪኩ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁታል። ልጁ መመለስ ያቅተዋል። ኢንተርኔት ላይ ሲፈልጉ «ስለ አደንዛዥ ዕፅ ነው» የሚል ያገኛሉ፤ ይከለክሉታል፤ ልጁም ከዚያ ወዲህ የሚሰማውን አያሳያቸውም። «ምን ልበለው?» ይላሉ።

ጥያቄውን በሁለት እንየው፤ መጀመሪያ ግጥሙ፣ ቀጥሎ ዕፁ።

እኛ ያደግነው በሰምና ወርቅ ነው። ግጥም ሲቀርብልን እጃችን ወዲያው ሰሙን ሊገፍፍ ይሄዳል። ነገር ግን ቅኔ ፈቺው ወርቁን ከአየር ላይ አይቀዳም። ኅብረ ቃል አለው፤ ሁለት ትርጉም የሚሸከም አንድ ቃል በጣቱ ያሳያል፤ «ይኸው፣ እዚህ ላይ ነው የሚሰነጠቀው» ይላል። ቃሉን ማሳየት ካልቻለ መምህሩ አይቀበለውም። እኔ ይህንን መመዘኛ ለሕልም መሰል ግጥምም እጠቀምበታለሁ። «ይህ ስለ እንዲህ ነው» የሚል ሰው ሲመጣ፣ የትኛው ቃል ላይ እንደቆመ እጠይቀዋለሁ። የቆመበት ቃል ከሌለ፣ ወርቁን ያመጣው ከራሱ ኪስ ነው።

አያቶች ይህንን ከሕልም ያውቁታል። ትንሽ ልጅ ጠዋት ተነስቶ ሕልሙን ሲነግረን፣ «በረርኩ፣ ከዚያ ድመቷ አስተማሪዬ ሆነች» ይላል። እኛም «ከዚያስ? ለምን?» እንለዋለን። ልጁ ሕልሙ ያላለውን መፍጠር ይጀምራል፤ እኛን ላለማሳፈር ሲል ታሪክ ይሠራል። ታሪኩን ያስወለደው ጥያቄያችን ነው። ሕልም እንደ ፈቺው ነው የሚባለውም ያለ ነገር አይደለም። ስለዚህ «ከዚያስ?» የሚለውን ትተን፣ «አሁን የት ነህ? ምን ይታይሃል?» ብንለው ይሻላል። ልጁ ያየውን ብቻ ይነግረናል።

ይህንኑ ጥያቄ ዘፈኑ ላይ እንሞክረው። ግጥሙ ሰሚውን «አንተ» እያለ ያናግራል፤ ራስህን በዓይነ ሕሊናህ ተመልከት ይለዋል። መጀመሪያ ወንዝ ላይ በጀልባ ውስጥ ነን። ቀጥሎ ፏፏቴ አጠገብ ያለ ድልድይ ላይ ነን። በመጨረሻ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ነን። «ስለዚህ» ወይም «ከዚያ ወዲያ» የሚያሰኝ ማያያዣ ብትፈልጉ አታገኙም። ግሦቹም ያለፈ ጊዜ አይደሉም፤ ሁሉም አሁን ነው። ተረት ግን ባለፈ ጊዜ ይጀምራል፤ ነበር ይላል። ግጥሙ ታሪክ እንዳልያዘ በሰዋስዉ ራሱ ነግሮናል፤ ልጁ መመለስ ያቃተው ስላልገባው አይደለም።

ታሪክ ከሌለ ታዲያ ምን አለ? የሚደጋገመውን መፈለግ ነው። እናትየው ልጃቸውን አንድ ወረቀት አስይዘው «በዚህ ዓለም ውስጥ ነገሮቹ ከምን ተሠርተዋል?» ብለው ቢጠይቁት የሚያስደስት ዝርዝር ይወጣዋል። አበቦቹ ከሴሎፎን ናቸው። ታክሲዎቹ ከጋዜጣ ናቸው። ጣቢያው ውስጥ ያሉት ሻንጣ ተሸካሚዎች ከፕላስቲሲን ናቸው፤ ሕፃናት በእጃቸው እየጨፈለቁ ቅርጽ የሚያወጡበት ያ ለስላሳ ነገር። ሰዎቹ ደግሞ ልጆች የሚቀመጡበትን የሚወዛወዝ የእንጨት ፈረስ ያስታውሳሉ። ዝርዝሩ ሲያልቅ የሚታየው የመዋዕለ ሕፃናት ጠረጴዛ ነው፤ መቀስ፣ ሙጫ፣ ያረጀ ጋዜጣ። ይህንን ማንም ከውጭ አላመጣውም፤ እያንዳንዱን በጣት ማሳየት ይቻላል።

ሁለተኛው የሚደጋገም ነገር ልጅቷ ናት። ትታያለች፤ ስትፈለግ የለችም፤ መጨረሻ ላይ ጣቢያው መግቢያ ላይ ድንገት ብቅ ትላለች። ማን እንደሆነች አይነገርም። እዚህ ላይ «እናቱ ናት፣ የሞተች እህቱ ናት» ማለት ይቀላል፤ ግጥሙ ግን የሚሰጠን መታየቷንና መጥፋቷን ብቻ ነው። እዚያው መቆም ይገባል።

ሦስተኛው በጆሮ የሚገኝ ነው። ልጁ በጣቱ ጠረጴዛውን እየመታ ይስማ። የሚተረክ የሚመስለው ክፍል በሦስት በሦስት ይቆጠራል፤ እንደ ቫልስ ይወዛወዛል፣ እንደ ጀልባውም። አዝማቹ ላይ ከበሮው ሲገባ ቆጠራው ወደ አራት ይለወጣል፤ መሬት የረገጥን ይመስለናል። አዝማቹ ውስጥ ግን ያለው የዘፈኑ ርዕስ ብቻ ነው፤ ምንም አያስረዳም። እንግዲህ ዜማው መሬት የሚያስረግጠን ቃሉ ሰማይ ላይ ሲወጣ ነው። እኔ ከዘፈኑ ሁሉ የምወደው ይህንን ነው። ታሪክ ብቻ ስንፈልግ የሚያመልጠንም ይኸው ነው።

ወደ ዕፁ እንምጣ። በርዕሱ ውስጥ ያሉት የሦስቱ ዋና ቃላት የእንግሊዝኛ መነሻ ፊደላት ሲገጣጠሙ ኤል ኤስ ዲ ይላሉ። ወሬው የተነሣው ከዚህ ነው። ጆን ሌነን ግን በተደጋጋሚ አስተባብሏል። እንደተናገረው፣ ትንሹ ልጁ ጁልያን ከመዋዕለ ሕፃናት ሥዕል ይዞ መጣ፤ ሥዕሉ ምን እንደሆነ ሲጠየቅ ስለ ክፍል ጓደኛው ስለ ሉሲ የሰጠው መልስ ርዕሱ ሆነ። ምስሎቹን ደግሞ ከሉዊስ ካሮል የአሊስ መጻሕፍት እንዳገኛቸው ተናግሯል። በሌላ በኩል፣ በዚያ ዘመን የባንዱ አባላት ዕፁን መውሰዳቸው የታወቀ ነው፤ ፖል ማካርትኒም በዚያው ዓመት በአደባባይ አምኗል። ይህንን ከአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ መደበቅ አያዋጣም፤ በአንድ ደቂቃ ያገኘዋል።

ልጁን ግን በዚያው መመዘኛ መጠየቅ ይቻላል፤ «እሺ፣ ስለ ዕፅ ከሆነ የትኛው ቃል ላይ ነው የቆመው?» ፊደላቱን ያሳያል። ከፊደላቱ ሌላስ? ጀልባው፣ የጋዜጣው ታክሲ፣ የፕላስቲሲን ሰዎች ምን ተጨመረላቸው? ምንም። ቁልፉ የውጭውን በር ብቻ ይነካል እንጂ አንድም ክፍል አይከፍትም። እንዲያው ለፍትሕ ያህል፣ የጁልያን ሥዕልም እንደዚያው ነው። ርዕሱ ከየት እንደመጣ ይነግረናል፤ ባቡሩ ለምን እንደቆመ አይነግረንም። የግጥም መነሻና ትርጉሙ አንድ አይደሉም።

ስለዚህ ለእናትየው የምለው፣ ክልከላውን አንስተው አንድ ጊዜ አብረውት ይስሙ፤ ዘፈኑ አራት ደቂቃ እንኳን አይሞላም። «ምን ማለት ነው?» የሚለውን ጥያቄ ለዚያ ቀን ያቆዩት። «አሁን የት ነን?» ይበሉት፤ ዜማው ሲለወጥ ደግሞ «አሁንስ?»። ስለ ዕፁ እሱ ካነሳው የሚያውቁትን ሁሉ ይንገሩት። መጨረሻ ላይ ባቡሩ ሲነሣ አይሰማም፤ አዝማቹ እየተደጋገመ፣ ድምፁ እየደበዘዘ ይሄዳል። ልጁ «ከዚያስ?» ቢል፣ ዘፈኑ ያለው እስከዚህ ነው።