«እነሱ» ማናቸው?



ባለፈው ክረምት ገንዳ ውሃ ላይ ለ9ኛ እና ለ10ኛ ክፍል ልጆች በሰጠነው ቲቶሪያል እንግሊዝኛ የደረሰኝ እኔ ነበርኩ። የምህንድስና ተማሪ ነኝና ሒሳብ ይሰጡኛል ብዬ ነበር፤ የሒሳቡን ሌላ ወንድም ቀደመኝ። ሃያ አጫጭር ምንባቦችን ሰብስቤ በእያንዳንዱ ሥር አምስት አምስት ጥያቄ አዘጋጀሁ። ልጆቹ ከአምስቱ አራት፣ አንዳንዴም አምስቱንም ይመልሱ ነበር። እኔም በሁለተኛው ሳምንት «ልጆቹ ገብቷቸዋል» ብዬ ለኮሚቴው ሪፖርት አደረግሁ።

በመጨረሻው ሳምንት አምስቱንም በትክክል የመለሰች አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ደብተሯን ስትመልስልኝ፣ ምንባቡ ስለምን እንደሚያወራ በአማርኛ እንድትነግረኝ ጠየቅኋት። ዝም አለች። ከዚያ አፍራ፣ «ቲቸር፣ ምንባቡንም ማወቅ አለብን እንዴ? ጥያቄው ብቻ መስሎኝ» አለችኝ።

ልጅቷ አላጠፋችም። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። የእኔ ጥያቄዎች ምንባቡን ሳይረዱ የሚመለሱ ነበሩ። ኮሚቴው ያንኑ ጥራዝ አባዝቶ ለዘንድሮ ክረምት ሊጠቀምበት እንዳሰበ ስለሰማሁ ነው ይህን የምጽፈው። እባካችሁ አታባዙት።

ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ለማየት እንግሊዝኛ አያስፈልግም። ይህን አንብቡ፦ «ድልፋው ትናንት ከመርጎው ሥር ሦስት ዝቅጣዎችን ቀነፈጠ፤ ስለዚህ ጎርጣሙ በጣም ሸረፈደ።» አሁን መልሱ። ድልፋው ምን ቀነፈጠ? ሦስት ዝቅጣዎችን። የት? ከመርጎው ሥር። ጎርጣሙ ለምን ሸረፈደ? ድልፋው ዝቅጣዎቹን ስለቀነፈጠ። ሦስቱንም አገኛችሁ፤ «ለምን» የሚለውን ከባድ የሚመስለውን ጭምር። ድልፋ ግን ምን እንደሆነ አታውቁም፤ እኔም አላውቅም፤ አሁን የፈጠርኩት ቃል ነው።

የ9ኛ ክፍል ተማሪ በእንግሊዝኛ ምንባብ ላይ የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ጥያቄው ውስጥ ጎላ ያለ ቃል ይመርጣል፣ ምንባቡ ውስጥ ያንኑ ቃል በጣቱ ይፈልጋል፣ ከጎኑ ያለውን ይገለብጣል። ብልሃቱን ማንም አያስተምረውም፤ ጥያቄዎቻችን ራሳቸው ያስተምሩታል። እኔም በዚያው መንገድ ነው ያለፍኩት። ጉዱ የሚወጣው በኋላ ነው፤ አንደኛ ዓመት ላይ የፈተና ጥያቄ ውስጥ ያለችውን «አንለስ» የምትል አንዲት ቃል ዘልዬ፣ ስሌቱን በትክክል ሠርቼ፣ የተጠየቀውን ተቃራኒ መልሼ ወጣሁ።

መድረሳ የቀራችሁ አንድ ነገር ታስታውሳላችሁ። ኪታብ ስንቀራ ሸኻችን «ምን ይላል?» ብለው ብዙ አይጠይቁም ነበር፤ ቃሉን እየጠራን እንደምንመልስላቸው ያውቃሉ። መስመሩ መሀል ላይ አቁመውን «ደሚሩ ወዴት ነው የሚመለሰው?» ይላሉ። «እሱ» የተባለው ማነው? እዚያ ላይ ያልገባው ሰው መደበቂያ የለውም፤ መልሱ ከደሚሩ ጎን አልተጻፈም። ሦስት መስመር ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ከተጠቀሱት ስሞች መካከል ለነገሩ የሚስማማውን መምረጥ አለበት። ጥሩ የምንባብ ጥያቄ ምን እንደሚመስል የተማርኩት ከዚያ ነው፤ የእንግሊዝኛ ምንባብ ላይ ልሠራበት እንደምችል ግን ዓመታት ሙሉ አልታየኝም።

በምሳሌ ላሳያችሁ። ለዘንድሮ የጻፍኩት አንድ ምንባብ ስለ ሰሊጥ ነው። በቀላል እንግሊዝኛ አራት ዓረፍተ ነገር ነው፤ ፍሬ ነገሩ በአማርኛ እንዲህ ይላል። ሰሊጥ ዘር መያዣው ፈጽሞ ሳይደርቅ ይታጨዳል። ገበሬዎች አገዳውን በነዶ እያሰሩ ማሳው ላይ ያቆሙታል። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይተው «ዘይ» ከጫፋቸው ይከፈታሉ። ከዚያ ሠራተኞች ነዶውን ሸራ ላይ ገልብጠው ያራግፉታል፤ ከዘገዩ ግን ዘሩ መሬት ላይ ይቀራል።

አምና ቢሆን ኖሮ «ገበሬዎች ነዶውን የት ያቆሙታል?» ብዬ እጠይቅ ነበር። «ማሳው ላይ» ይሉኛል፤ ድልፋው ዝቅጣውን እንደቀነፈጠ ማለት ነው። የዘንድሮው የመጀመሪያ ጥያቄ ግን ይህ ነው፦ በሦስተኛው ዓረፍተ ነገር «ዘይ» የሚለው ቃል ማንን ወይም ምንን ያመለክታል? ከዚያ በፊት ገበሬዎች አሉ፣ አገዳዎች አሉ፣ ነዶዎች አሉ፣ ዘር መያዣዎች አሉ። እንግሊዝኛው አራቱንም «ዘይ» ብሎ መጥራት ይችላል። ለሁለት ልጆች አስቀድሜ ብሞክረው ሁለቱም «ገበሬዎች» አሉኝ።

ስህተቱ የስንፍና አይደለም። በአማርኛ «እነሱ» ስንል ጆሯችን ሰው ይጠብቃል። ዕቃ ብዙ ቢሆንም «ድንጋዮቹ ወደቁ» እንላለን እንጂ ድንጋዮቹን መልሰን «እነሱ» ብለን አንጠራም፤ ወይ ስሙን እንደግመዋለን፣ ወይ ግሱ ላይ እንተወዋለን። ስለዚህ የእኛ ተማሪ «ዘይ»ን ሲያይ በቅርብ ያለ ሰው ይፈልጋል። እንዲህ ዓይነቱን ጥያቄ ካልጠየቅነው ስህተቱ መኖሩን እሱም እኛም አናውቅም፤ ገበሬዎች ከጫፋቸው ሲከፈቱ እያነበበ ያልፋል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ነዶው ለምን እንደሚቆም፣ ለምን እንደማይጋደም ነው። ምንባቡ የትም ቦታ አይናገረውም። ዘር መያዣው ከጫፍ እንደሚከፈትና ሠራተኞቹ ለማራገፍ እንደሚገለብጡት ያነበበ ግን ሁለቱን አገናኝቶ ይደርስበታል፤ ቆሞ ከተከፈተ ዘሩ ውስጡ ይቆያል፣ ተጋድሞ ከተከፈተ ይፈስሳል። በጣት ተፈልጎ የሚገኝ ነገር የለም።

በዚህ ጥያቄ ደስ ብሎኝ ሳለ ከመተማ የመጣ የዶርም ጓደኛዬ ሳቀብኝ። «ይሄንን የገንዳ ውሃ ልጅ ሳያነብ ይመልስልሃል» አለኝ። እውነቱን ነው። በእኛ ቆላ በመስከረምና በጥቅምት ማሳ ያልዋለ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ታዲያ እንዲህ ያለው ልጅ በትክክል ሲመልስ የለካሁት እንግሊዝኛውን ነው ወይስ የአባቱን ማሳ?

ይህን ለማወቅ ቀላል መንገድ አለ፤ ለየትኛውም ጥራዝ ይሠራል። ምንባቡን ደብቁና ጥያቄዎቹን ብቻ ለተማሪዎች ስጡ። አራት ምርጫ ባለው ጥያቄ በጭፍን የሚገምት ሰው ከአራት አንድ ጊዜ ያህል ይሳካለታል። ከሠላሳ ልጆች ሰባት ስምንቱ ቢያገኙት ግምት ነው ማለት ይቻላል። ሃያ ልጅ ካገኘው ግን ያ ጥያቄ ምንባቡን አይፈልገውም፤ ወይ መልሱን ከኑሮ ያውቁታል፣ ወይ ትክክለኛው ምርጫ ከሌሎቹ ረዘም ብሎ ራሱን አጋልጧል። የአምናውን ጥራዝ በዚህ ብንፈትነው ስንት ጥያቄ ይተርፍ እንደነበር ማሰብ አልፈልግም።

መፍትሔው ስለማያውቁት ነገር፣ ለምሳሌ ስለ በረዶ አገር ዓሣ አጥማጆች መጻፍ ይመስላል። እኔ እንደዚያ አላሰብኩም፤ እዚያ ደግሞ ቃሉም ነገሩም እንግዳ ይሆንና ልጁ በየትኛው እንደወደቀ አይታወቅም። ሁ እና ፖል ኔሽን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ አንባቢ አንድን የልብ ወለድ ጽሑፍ ያለ ረዳት በደንብ እንዲረዳ ከ100 ቃል ወደ 98 የሚሆነውን ማወቅ እንደሚኖርበት ደርሰውበታል። 80 ቃል ባለው ምንባብ ውስጥ ይህ የማይታወቅ አንድ ወይም ሁለት ቃል ማለት ነው። ስለ ሰሊጥ ስንጽፍ ነገሩ የታወቀ ስለሆነ የቀረው ፈተና እንግሊዝኛው ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ ሰሊጡን ሳልተው አቅጣጫውን ቀየርኩት። ሁለተኛው ምንባብ በ1943 እ.ኤ.አ. ዴራልድ ላንግሃም ቬኔዙዌላ ውስጥ ስላገኘው፣ ደርቆም ዘር መያዣው ስለማይከፈት የሰሊጥ ዓይነት ነው። ጥያቄው፦ ይህ ሰሊጥ ማሳ ላይ ደርቆ ቢሰነብት ዘሩ ምን ይሆናል? የማሳ ልጅ ሳያነብ «ይረግፋል» ብሎ ይመልሳል፤ ይሳሳታል። ያነበበ ልጅ፣ ሕይወቱን ሙሉ ካየው ነገር ተቃራኒ ቢሆንበትም፣ «ውስጡ ይቆያል» ይላል። ቀጥሎ «እንዲህ ያለ ሰሊጥ የሚዘራ ገበሬ የሚያርፈው ከየትኛው ሥራ ነው? አዲስ የሚመጣበትስ ችግር ምንድን ነው?» ብዬ እጠይቃለሁ። ነዶ እያሰሩ ከማቆምና ከመጠበቅ ያርፋል፤ ያልተከፈተውን ግን ገልብጦ በማራገፍ ብቻ ዘሩን አያገኘውም።

አንድ የማከራክር ሐሳብ ልጨምር። ልጆቹ መልሱን በአማርኛ ይጻፉ። አንዳንድ ወንድሞች «እንግሊዝኛ እያስተማርን?» ብለው እንደሚቃወሙ አውቃለሁ። ነገር ግን በእንግሊዝኛ መልሱ ስንል ምንባቡን የተረዳ፣ መጻፍ ግን ያልቻለ ልጅ ባዶ ይተዋል፤ ያልተረዳው ደግሞ ከምንባቡ አንድ መስመር ገልብጦ ነጥብ ይወስዳል። በአማርኛ ሲሆን የሚገለበጥ ነገር የለም። መጻፍን ከፈለግን በሌላ ቀን እንለማመድ። ብሔራዊ ፈተናው በምርጫ መሆኑ እውነት ነው፤ እዚያም ቢሆን ጠንቃቃ ፈታኝ ከምንባቡ የተቀዳ ቃል የሚያስገባው ብዙ ጊዜ በስህተተኛው ምርጫ ውስጥ ነው፣ በጣቱ የሚፈልገውን ልጅ ለመያዝ።

ይህ ሥራ አዝጋሚ ነው። መቶ ጥያቄ በሁለት ቀን ጨርሼ ነበር፤ እነዚህ ሁለት ምንባቦች ከስድስት ጥያቄዎቻቸው ጋር አንድ ሳምንት ወስደውብኛል፤ አንዱን ጥያቄም ገና አላመንኩበትም። ክረምቱን ሙሉ ስምንት ምንባብ ቢኖረን ለእኔ ይበቃል፤ ለአንድ ምንባብ ሁለት ቀን ብንሰጥ እንኳ።

እሑድ ከዐስር ሰላት በኋላ የቲቶሪያል ኮሚቴው ይሰበሰባል። የሰሊጡን ምንባብ አባዝቼ እመጣለሁ፤ መጀመሪያ ጥያቄዎቹን ብቻ ነው የማድላችሁ።