ብሎክ ያደረግሽው ሰው በር ላይ ቆሟል፤ ዲሊት ያደረግሽው ግን አሁንም ቤት ውስጥ ነው

ድሬዳዋ ውስጥ አንዲት ሴት ስልኳ በአንድ ሰው መልእክት ሌት ተቀን ሲጨናነቅ ለሰው ብታማክር የምታገኘው መልስ ከሁለት አያልፍም። እናት፣ አክስትና የሰፈር ትልቅ ሰው «ልጄ፣ ስሙን ከስልክሽ አጥፊውና እርሺው» ይሏታል። እኩዮቿ ደግሞ «አቦ ብሎክ አርጊውና ተገላገይ!» ይሏታል።

ሁለቱም ምክሮች ከቅንነት የመጡ ናቸው። ሁለቱም ግን ያሳስታሉ። የመጀመሪያው ምንም ነገር አይዘጋም። ሁለተኛው ከብዙ በሮች አንዱን ብቻ ይዘጋል። መካሪው ይህን ስለማያውቅ ሴትየዋ ችግሩ ሲቀጥል «ብሎክ አርገሽው የለም እንዴ? ታዲያ ምን ቀረሽ?» ትባላለች። ከዚህ በኋላ ጥፋቱ የአስጨናቂው መሆኑ ይቀርና የእሷ ይሆናል።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ሳቢያን ውስጥ በቴሌግራም ቻናል ልብስ የምትሸጥ ሴት እናስብ። ቁጥሯን በእያንዳንዱ ፖስት ስር ታስቀምጣለች፤ ካላስቀመጠች አትሸጥም። አንድ ደንበኛ ለእህቱ ቀሚስ ገዛ። በማግስቱ ስለ መጠኑ ጻፈ። በሳምንቱ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ «ለምን አትመልሺም?» አለ። ከዚያም «በየትኛው ባጃጅ እንደምትመለሺ አውቃለሁ» የሚል መልእክት መጣ።

መጀመሪያ የእናቷን ምክር ሰማችና ዲሊት አደረገችው እንበል። ምን ተለወጠ?

ሰውየው ዘንድ ምንም የተለወጠ ነገር የለም። የእሷ ቁጥር በእሱ ስልክ ላይ እንዳለ ነው። መልእክት መላክ ይችላል፣ መደወል ይችላል፣ የጻፉት ሁሉ በእጁ ነው። ዲሊት ማድረግ የሚሠራው አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ በቴሌግራም ቅንብሯ ላይ መቼ ኦንላይን እንደነበረች የሚያሳየውን ወይም የፕሮፋይል ፎቶዋን «My Contacts» ብላ ከወሰነችው፣ እሱ ከኮንታክቷ ስለወጣ እነዚያን አያይም። «Everybody» ላይ ከተወችው ግን ያንንም እያየ ይቀጥላል።

እሷ ዘንድ ደግሞ ሁለት ነገር ተበላሸ። ማታ ስልኳ ሲጮህ የሚታያት ባዶ ቁጥር ነው። ነጋዴ ናትና «ደንበኛ ይሆናል» ብላ ታነሳዋለች። ድምፁን ስትሰማ ያኔ ታውቀዋለች። ሁለተኛው ጉዳት የባሰ ነው። ሰውየው ቴሌግራም ላይ ቁጥሩን የደበቀ ከሆነ፣ ቁጥሩ ይታያት የነበረው እሷ ራሷ መዝግባው ስለነበር ብቻ ነው። ስታጠፋው ፕሮፋይሉ ላይ የሚቀራት እሱ የሰጠው ስም ነው፤ ያንን ስም ደግሞ በፈለገ ሰዓት ይቀይረዋል። ማንነቱን የምታሳይበትን ነገር በገዛ እጇ ጣለችው ማለት ነው።

ብዙ ሴቶች ያስቸገራቸውን ሰው «አታንሺ» ብለው መዝግበው የሚያስቀምጡት በከንቱ አይደለም። ከ«አጥፊው» ምክር ይልቅ ይህ የሰፈር ዘዴ ብልህነት አለው። ቁጥሩ ይቆያል፣ ሲደውልም ማን እንደሆነ ይታወቃል።

አሁን ወደ ብሎክ እንምጣ። ልብስ ሻጯ ቴሌግራም ላይ ብሎክ ስታደርገው ብዙ ነገር ያጣል። የሚልከው መልእክት አይደርሳትም። በቴሌግራም ሊደውልላት አይችልም። ፎቶዋን አያይም። መቼ ኦንላይን እንደነበረች ሲመለከት ሁልጊዜ የሚያገኘው «last seen a long time ago» የሚለውን ነው፤ እሷ ያኔ ኦንላይን ሆና ደንበኛ እያስተናገደች ቢሆንም እንኳ። ይህ እውነተኛ ጥቅም ነው፣ ማንም ሊያሳንሰው አይገባም።

የማያጣውን ግን እንቁጠር። የድሮውን ጭውውት በሙሉ አያጣም፤ የላከችለት ፎቶና ድምፅ እሱ ዘንድ አለ። ሁለቱም ያሉበት የሰፈር ወይም የእድር ግሩፕ ካለ፣ እዚያ የምትጽፈውን ያነባል፣ የሚጽፈውንም ሰው ሁሉ ያነብለታል። ብሎክ ማንንም ከግሩፕ አያስወጣም። ቻናሏንም አያጣም። ሰውን ብሎክ ማድረግና ከቻናል ማስወጣት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ከቻናሉ ብታስወጣው እንኳ ቻናሉ ለሕዝብ ክፍት ከሆነ ፖስቶቹን በብራውዘር ከፍቶ ማየት ይችላል። «ዛሬ እስከ ማታ 1 ሰዓት ሱቅ ነኝ» ብላ ከጻፈች ለእሱም ነገረችው ማለት ነው።

ከሁሉም በላይ የስልክ መስመሩን አያጣም። ቴሌግራም ላይ የተዘጋ ሰው በተራ ጥሪና በኤስኤምኤስ ይመጣል፤ በዋትስአፕም ይመጣል። እያንዳንዱ የራሱ ብሎክ አለው፣ አንዱ የሌላውን አያውቅም። የስልኩን ጥሪ መዝጋት ከፈለገች ከስልኩ የጥሪ ታሪክ ውስጥ ቁጥሩን ለብቻው ብሎክ ማድረግ አለባት።

ድሬዳዋ ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎቱን ለደንበኞች ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከረው በነሐሴ 2014 ዓ.ም. እዚህ ከተማ ውስጥ ነው። በ09 የሚጀምር ሲም የነበረው ሰው በ07 የሚጀምር ሌላ መጨመር የጀመረው ከማንም ቀድሞ ድሬ ላይ ነው። ብሎክ የሚዘጋው ደግሞ አንድን አካውንት ወይም አንድን ቁጥር ነው፤ ሰውን አይዘጋም። ሁለተኛ ሲም ያለው ሰው ሁለተኛ የቴሌግራም አካውንት ለመክፈት ደቂቃዎች ይበቁታል፤ መተግበሪያው ራሱ ከአንድ በላይ አካውንት ባንድ ስልክ ላይ ያስተናግዳል። በነጋታው «ሰላም፣ ቀሚሱ ስንት ነው?» የሚል አዲስ ደንበኛ ይመጣል። እሱ ነው።

«ብሎክ መደረጉን ያውቃል ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። ቴሌግራምም ሆነ ዋትስአፕ ብሎክ ተደርገሃል ብለው አይነግሩትም። ግን ይገምታል። ፎቶዋ ድንገት ጠፍቷል፣ ለወር ያህል የጠፋች ይመስላል፣ መልእክቱም በአንድ ራይት ቀርቷል። እነዚህ ምልክቶች አንድ በአንድ ሲታዩ ማስረጃ አይሆኑም። ቴሌግራም ላይ አንድ ራይት ማለት መልእክቱ ተልኳል፣ ገና አልተነበበም ማለት ነው፤ ዋትስአፕ ላይ ግን ስልኳ ገና አልደረሰም ማለት ነው። አንድ ላይ ሲመጡ ግን ሰውየው ይገባዋል። ሱቋንና መመለሻዋን የሚያውቅ ሰው ሲገባው ንዴቱን ከስልክ ወደ መንገድ ሊያወጣው ይችላል። «ብሎክ አርጊው» የሚል መካሪ ይህን ቀን አያስብም። ስለዚህ ብሎክ የሚደረገው ቢያንስ አንድ የሚታመን ሰው ጉዳዩን ካወቀ በኋላ መሆን አለበት።

ሌላው የተረሳ ነገር ማስረጃ ነው። ቴሌግራም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለት ሰዎች መካከል ያለን ጭውውት አንደኛው ወገን ከሁለቱም ስልክ ላይ እንዲያጠፋው ፈቅዷል። ራሱ የጻፈውን ብቻ አይደለም፣ የሌላውንም ጭምር። የጊዜ ገደብም የለውም። ያ የባጃጅ ዛቻ ዛሬ አለ፣ ነገ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ከብሎክ በፊት ስክሪንሾት ይነሳ። መልእክቱ ብቻውን አይበቃም፤ ከላይ የሚታየው «አታንሺ» የሚል ስም ማንንም አይገልጽም። ፕሮፋይሉን ከፍቶ ቁጥሩና ዩዘርኔሙ የሚታይበትን ገጽ፣ ቀኑና ሰዓቱ የሚታይበትን መልእክት አብሮ ማንሳት ያስፈልጋል። ስክሪንሾቱም በእሷ ስልክ ላይ ብቻ እንዳይቀር ወደ ሚታመን ሰው ይላክ።

ይህ ሁሉ ለምን? ምክንያቱም ጉዳዩ «የልጆች ጨዋታ» አይደለም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በአንቀጽ 13 በኮምፒዩተር ሥርዓት አማካኝነት ሰውን ማስፈራራትን፣ መልእክት ደጋግሞ በመላክም ፍርሃትና የሥነ ልቦና ጫና ማድረስን በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። ስልክም በዚህ ውስጥ ይገባል። ሕጉ አለ። ሕጉን የሚያቆመው ግን ማስረጃው ነው፤ ማስረጃውን ደግሞ «አጥፊው» የሚለው ምክር ያጠፋዋል።

እንግዲህ ቅደም ተከተሉ ይህን ይመስላል። መጀመሪያ ማስረጃው ይቀመጥ፤ የሚታመን ሰውም ይወቅ። ቀጥሎ ቁጥሩ «አታንሺ» ተብሎ ይቆይ። ከዚያ ቴሌግራም፣ ዋትስአፕና የስልኩ ጥሪ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይዘጉ። ከቻናሉ ይውጣ፤ የግሩፑ አስተዳዳሪም ይነገረው። በመጨረሻ ቅንብሩ ይስተካከል። «Privacy and Security» ውስጥ ገብቶ ስልክ ቁጥርን «Nobody» ማድረግ፣ ከስሩ በሚመጣው «Who can find me by my number» ላይ ደግሞ «My Contacts» መምረጥ። ይህ ያለፈውን አይመልስም፤ እሱ ቁጥሯን አስቀድሞ ይዞታል። ከዛሬ በኋላ ግን ደንበኞች በዩዘርኔም እንዲጽፉላት ካደረገችና ቁጥሯን ከፖስቶቿ ላይ ካነሳች፣ የሚቀጥለው ሰው ቁጥሯን ከቴሌግራም አያገኝም።

«ሰው ብሎክ ማድረግ ነውር ነው፤ በራፍ ላይ ሰላም የምንባባል የአንድ ሰፈር ሰዎች ነን» የሚሉ አሉ። ሳቢያን ውስጥ ማታ ሙቀቱ ሲበርድ ሰው ሁሉ ደጅ ነው፤ ማንም ከማንም አይደበቅም። ይህ እውነት ነው። ግን ነውሩ በሌሊት 6 ሰዓት መልስ አምጪ ብሎ የሚዝተው ሰው ነው ወይስ በሯን የምትዘጋው ሴት? በጉርብትና ስም ዝም እንድትል የሚጠየቀው ሁልጊዜ እሷ ከሆነች፣ ያ ጉርብትና ሳይሆን ሽፋን ነው።

«ብሎክ አርገሽው የለም እንዴ?» ለሚለው ደግሞ መልሱ አጭር ነው። አዎ፣ ብሎክ አድርጋዋለች። በሩን እሷ ዘጋች። በሩን የሚደበድበውን ሰው ማስቆም ግን የሷ ሥራ አይደለም፤ የሚሰማት ሰው ሁሉ ሥራ ነው።