«ትሰሙኛላችሁ?» ጥያቄ አይደለም

በዙም የሚሰጥ ንግግር ሁሉ አንድ ዓይነት አጀማመር አለው፦ «ሃሎ፣ ትሰሙኛላችሁ?» ከዚያ ተናጋሪው አርባ ደቂቃ ያህል ያወራና «ጥያቄ ካለ?» ብሎ ይጠብቃል። ማንም አይጠይቅም። በኋላ ሲያወራ «አድማጩ ዝምተኛ ነበር» ይላል። እኔ ግን ጥፋቱ የአድማጩ ነው ብዬ አላምንም። ዝምታውን የጻፈው ተናጋሪው ራሱ ነው፤ የራሱን ቃል ብቻ ጽፎ የአድማጩን ድርሻ ባዶ ስለተወው።

እስቲ «ትሰሙኛላችሁ?»ን እንየው። የማይሰማ ሰው ጥያቄውንም አይሰማም፣ ስለዚህ አይመልስም። የሚሰማው ደግሞ ሌላ ሰው ይመልሳል ብሎ ያልፈዋል። ታዲያ ተናጋሪው ምን አወቀ? ምንም።

አንድ ምሳሌ ልውሰድ። አዲስ አበባ የሚኖር የአርጆ ልጅ ለአርጆ ወጣቶች ስለ ቡና አደራረቅ ሊናገር ነው እንበል። ዳታ ስለሚበላ ካሜራው ሁሉ ተዘግቷል። ከዚያ ማዶ አንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ሃያ ሰው ተቀምጧል፤ ሌሎች ደግሞ በየስልካቸው ገብተዋል። ተናጋሪው የሚያየው ጥቁር ሳጥን ብቻ ነው።

«ቡና እንዴት ነው የምታደርቁት?» ብሎ ቢጠይቅ መልስ አያገኝም። ሰውየው በአማርኛ ልጻፍ ወይስ በአፋን ኦሮሞ ብሎ ያስባል፣ ስንት መስመር ልጻፍ ይላል፣ እስኪጨርስ ወሬው አልፏል። ስለዚህ ስክሪፕቱ ላይ መጻፍ ያለበት እንዲህ ነው፦

«አሁን አንድ ነገር እጠይቃለሁ፣ ቻቱን ክፈቱ። ቡናችሁን መሬት ላይ የምታሰጡ 1፣ አልጋ ላይ የምታሰጡ 2 ጻፉ።»
(15 ሰከንድ ዝም በል። ጥያቄውን በአፋን ኦሮሞ ድገም። እንደገና ዝም በል።)
1 ከበዛ፦ መሬት የአፈር ሽታና እርጥበት እንደሚሰጠው አስረዳ።
2 ከበዛ፦ ይህን ዝለል፤ በስሱ ስለማስጣት፣ ስለማገላበጥና ማታ ስለመሸፈን ተናገር።
ማንም ካልጻፈ፦ አስተባባሪውን በስሙ ጥራ፤ እጅ አስወጥቶ ቆጥሮ ይንገርህ።

አንድ ቁጥር ቋንቋ አይመርጥም፣ በአንድ ጣት ይላካል። ዝምታው በጽሑፍ የተቀመጠው ደግሞ ተናጋሪ በራሱ ስለማይጠብቅ ነው። ሜሪ በድ ሮ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየችው፣ መምህራን ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር፤ ወደ ሦስት ሰከንድ ሲያደርሱት የተማሪዎቹ መልስ ረዘመ፣ ዝም የሚሉትም ቀነሱ። ያ ፊት ለፊት ነው። በቪዲዮ ላይ ድምፁ ዘግይቶ ይደርሳል፣ መጻፍም አለ። ስለዚህ ነው 15 ሰከንድ የምለው።

አስተባባሪውም ጌጥ አይደለም። አንድ ላፕቶፕ ዙሪያ ያሉት ሃያ ሰዎች ቻት ላይ አንድ ሰው ናቸው። እዚያ ክፍል ውስጥ ቆጥሮ «1 አስራ አራት፣ 2 ስድስት» ብሎ የሚጽፍ ሰው ከሌለ፣ ተናጋሪው ብዙኃኑን ትቶ በስልክ ለገቡት ሦስት ሰዎች ያወራል። መስመር ቢቋረጥም የት እንደቆመ የሚነግረው እሱ ነው።

«ስክሪፕት ወሬን ያደርቃል፣ ከልብ መናገር ነው የሚሻለው» የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ማታ እሳት ዳር ተረት አልሰሙም? «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ይባላል። ተራኪው በጨለማ የልጆቹን ፊት በደንብ አያይም፤ የነቃውንና ያንቀላፋውን የሚለየው በምላሹ ነው። «እንቆቅልህ» ያለ ሰው «ምን አውቅልህ» ካልተባለ አይቀጥልም። መልሱ ቢጠፋስ? ለዚያም ቃል ተቀምጧል፦ «አገር ስጠኝ»። የተሳሳተ መልስ ሲመጣ ምን እንደሚባል አስቀድሞ የተጻፈበት ስክሪፕት ማለት ይኸው ነው። በዚህ ምክንያት እንቆቅልሽ ደረቀ ያለ ሰው አልሰማሁም።

አንድ ነገር ግን ላስጠንቅቅ። 1 ወይም 2 መጻፍ ሰውየው እዚያ መኖሩን ያሳያል እንጂ ነገሩ መግባቱን አያሳይም። መግባቱን ለማወቅ መጨረሻ አካባቢ ሌላ ዓይነት ጥያቄ ያስፈልጋል፦ «ጎረቤታችሁ ቡናውን ለሊት ሳይሸፍን አሳደረ፤ ዝናብ ባይዘንብም ይጎዳል የምትሉ 1፣ አይጎዳም የምትሉ 2።» 2 ከበዛ ስለ ጤዛ የተናገርከው አልደረሰም ማለት ነው፣ ተመልሰህ ድገመው። ለዚህም አምስት ደቂቃ ከንግግርህ ቆርጠህ አስቀምጥ።

አራት እንዲህ ያለ ጥያቄ ለሃያ ደቂቃ ይበቃል። ከዚያ በላይ ካበዛኸው ሰው ፈተና ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል። ከዚያ በታች ከሆነ ግን ድምፅህን ቀድተህ በቴሌግራም ላክላቸው፤ ቢያንስ ዳታቸው ይተርፋል።