ግሱ እስኪመጣ

በስብሰባ ላይ የሚነበብ ንግግር አድማጭን የሚያደክመው በርዝመቱ ብቻ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የግሱ መዘግየት ነው። የአማርኛ ዓረፍተ ነገር የሚታሰረው መጨረሻው ላይ ነው። አንባቢ ከተምታታበት መለስ ብሎ ያያል፤ አድማጭ ግን የሰማውን ሁሉ እንደያዘ ማሰሪያውን ይጠብቃል። ስለዚህ የተጻፈን ንግግር ለጆሮ የሚያመቻች ሰው፣ ቃላት ከማሳመሩ በፊት ግሶቹን ማቀራረብ አለበት ባይ ነኝ።

በየአዳራሹ የምንሰማውን ዓይነት አንድ መክፈቻ እንውሰድ፦ «በአካባቢያችን በተከሰተው ድርቅ ምክንያት ለጉዳት ለተዳረጉ አርሶ አደሮች የሚውል የዘር ድጋፍ ለማሰባሰብ በተዘጋጀው በዚህ መድረክ ላይ የተገኛችሁ እንግዶች በሙሉ እንኳን ደህና መጣችሁ ለማለት እወዳለሁ።»

ሰዋስዉ እንከን የለውም። ይሁን እንጂ 24 ቃላት አሉት፤ እንግዳው የሚናገሩት ለእሱ መሆኑን የሚያውቀው 17ኛው ቃል ላይ፣ «የተገኛችሁ» ሲባል ነው። እስከዚያ ድረስ በ«የ»፣ በ«ለ» እና በ«በ» የተቆላለፉ ሐረጎች ይደራረቡበታል። («ለማለት እወዳለሁ» የምትለው ጭራ ለምን እንደምትወደድ እስካሁን አልገባኝም፤ ማለት የወደደ ይበለው!)

መጀመሪያ እንቆራርጠው፦ «እንግዶቻችን፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዘንድሮ ዝናቡ ቀረ። አርሶ አደሩ የሚዘራው አጣ። ዛሬ የተሰበሰብነው ዘር ልናዋጣለት ነው።»

አሁን እያንዳንዱ ትንፋሽ በራሱ ማሰሪያ ያልቃል። ነገር ግን መሀል ላይ ያሉት ሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች እኩል ስለሚወድቁ እንደ ዜና ርዕስ ደረቅ ይላሉ፤ የዝናቡና የዘሩ ዝምድናም ላልቷል። እዚህ ላይ ቦዝ አንቀጽ ይደርስልናል፦ «ዘንድሮ ዝናቡ ቀርቶ፣ አርሶ አደሩ የሚዘራው አጣ።» «ቀርቶ» ላይ ድምፅ ሳይወድቅ ጥቂት ይቆማል፤ አድማጩም ውጤቱ እንደሚከተል ያውቃል። «አጣ» ላይ ድምፁ ይወርዳል፣ ነገሩም ይዘጋል። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ደግሞ እንዳለ ይቆይ። «የተሰበሰብነው» ሲባል ጆሮ «ለምን?» ይላል፤ መልሱም ወዲያው ይመጣል።

ቦዝ አንቀጽም ልክ አለው። «ቀርቶ፣ አጥቶ፣ ተቸግሮ፣ ተሰዶ» እያሉ አራት አምስት ቢደረድሩ ማሰሪያው እንደገና ይርቃል። እኔ በአንድ ማሰሪያ ከሁለት አላሳልፍም። ቁጥርም እንዲሁ ነው፤ ወረቀቱ ላይ 23,487 ኩንታል ቢጻፍ፣ ለአዳራሹ «ከ23 ሺህ ኩንታል በላይ» ይበቃል። ዝርዝሩ ለሪፖርቱ ይቅር።

ሌላ ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ከሆነ የሚጠብቁትን ፊደላትም ምልክት ማድረግ ያሻል። «ይመታል» የሚለውን ጽሑፉ ሳያጠብቅ ስለሚያሳይ፣ አንባቢው ሳይዘጋጅ ከገባ መቺውን ተመቺ ሊያደርገው ይችላል።

ንግግር ጽፋችሁ ስትጨርሱ፣ ጽሑፉን ላላየ ሰው አንድ ጊዜ ብቻ አንብቡለትና የሰማውን በራሱ ቃል እንዲነግራችሁ ጠይቁት። የዘለለውን ቦታ ፈልጉ፤ ማሰሪያው ርቆ ካገኛችሁት እዚያው ቁረጡት።